ቱምቢው ለምን ያን ያህል ብቻ ዘመመ?
(ስለ አህጉሮች ግጭትና ስለ ተራሮች ሥር የተደረገ ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

ቤት ሲገነባ አጠገቡ የቆማችሁ ሁሉ ቱምቢ ታውቃላችሁ። ክር ላይ የተንጠለጠለች ከባድ ብረት ናት። ግንበኛው ክሩን ይለቅና ብረቷ እስክትረጋ ይጠብቃል፤ ከዚያ ግድግዳው ቀጥ ማለቱን በእሷ ይፈርዳል። ግንበኛው የሚተማመነው በአንድ ነገር ነው፦ ክሩ ሁልጊዜ በቀጥታ ወደ ታች ያመለክታል። ዛሬ የምነግራችሁ ነገር የሚነሳው ይህ እምነት ትንሽ ከተዛነፈበት ቦታ ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዞች ህንድን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይቀይሱ ነበር። ካሊያና እና ካሊያንፑር በሚባሉ፣ በሰሜንና በደቡብ 600 ኪሎ ሜትር ያህል በሚራራቁ ሁለት ቦታዎች መካከል ያለውን ርቀት በሁለት መንገድ ለኩት። አንደኛው መሬት ለመሬት፣ ሦስት ማዕዘን በሦስት ማዕዘን እየቀጠሉ ነው። ሁለተኛው በየቦታው ቱምቢ አንጠልጥሎ ከዋክብትን በማየት ነው። ሁለቱ ውጤቶች አልገጠሙም። ልዩነቱ አምስት የቅስት ሰከንድ ያህል ነበር፤ መሬት ላይ ሲመነዘር 160 ሜትር ገደማ ማለት ነው። ለእንዲህ ዓይነት ጥንቁቅ ቅየሳ 160 ሜትር በዝምታ የሚታለፍ አይደለም።

በካልካታ ይኖር የነበረ ጆን ፕራት የሚባል የቤተ ክርስቲያን ሰውና የሒሳብ አዋቂ ጥፋቱን ከሒማላያ ፈለገ። ካሊያና ለተራራው ትቀርባለች፤ ያ ሁሉ ድንጋይ በስበቱ ቱምቢውን ወደ ራሱ ይጎትተዋል፣ ክሩም ይዘማል። ሐሳቡ ትክክል ነበር። የተራራውን ግዝፈት አስልቶ ሲጨርስ ግን ሌላ ችግር ገጠመው፤ በሒሳቡ መሠረት ልዩነቱ ወደ 16 ሰከንድ መድረስ ነበረበት። ቱምቢው መዝመም ከሚገባው የዘመመው አንድ ሦስተኛውን ብቻ ነው። ሒማላያ ውስጡ ባዶ የሆነ ይመስል ነበር።

በ1855 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ንጉሣዊ የሥነ ፈለክ ሊቅ የነበረው ጆርጅ ኤሪ መልስ ሰጠ። ተራራው ባዶ አይደለም፤ ሥር አለው። ሥሩም ቀላል ከሆነ ዓለት የተሠራ ሆኖ ይበልጥ ከባድ በሆነ ነገር ውስጥ ጠልቋል። ከላይ የተጨመረው ክብደት ከታች በተቀነሰው ክብደት ስለሚካካስ ቱምቢው የሚሰማው ስበት ትንሽ ነው።

ይህን ለማየት ውኃ ላይ ሁለት ደረቅ ግንዶች አንሳፉ፤ አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ወፍራም ይሁን። ወፍራሙ ከውኃው በላይ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ከውኃው በታችም ጠልቆ ይገባል። ከፍ ያለውም በመጥለቁ ነው። የምድር ቅርፊትም እንዲሁ ነው። አህጉሮችን የተሸከመው ቅርፊት እፍጋት በአማካይ 2.8 ግራም በኩቢክ ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከሥሩ ያለው ማንትል ግን 3.3 ገደማ ይደርሳል። ማንትል እንደ ውኃ ፈሳሽ አይደለም፣ ጠጣር ዓለት ነው። ነገር ግን በጣም ስለሚሞቅ በረጅም ዘመን ሲታይ እንደ ሊጥ ይታዘዛል፤ ቅርፊቱም በላዩ ይንሳፈፋል።

አሁን ቀላል ሒሳብ እንሥራ። የተለመደው የአህጉር ቅርፊት ውፍረት 35 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአንድ ምክንያት እጥፍ ሆኖ 70 ኪሎ ሜትር ደረሰ እንበል። ከተጨመረው 35 ኪሎ ሜትር ውስጥ ስንቱ ወደ ታች ይሰምጣል? 2.8ን ለ3.3 ስናካፍል 0.85 ይሆናል፤ ስለዚህ 85 በመቶው፣ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ማለት ነው፣ ሥር ሆኖ ይወርዳል። የቀረው 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ላይ ይወጣል። ከዚያ የቲቤትን ካርታ ተመልከቱ። የቲቤት አምባ ምድር አማካይ ከፍታ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የመሬት መንቀጥቀጥ ሞገዶች ከሥሩ ሲያልፉ ተለክቶ የተገኘው የቅርፊቱ ውፍረትም 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኔ ይህን ስሌት መጀመሪያ በገዛ እጄ በወረቀት ስሠራው የተሰማኝ ነገር እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ዓይናችን የሚያየው ተራራ ከጠቅላላው ጭማሪ ሰባት እጅ አንዱ ያህል ብቻ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ይህ ሒሳብ የሚሠራው ለሰፊ ምድር ነው። እያንዳንዱ ጫፍ ለብቻው የራሱ ሥር የለውም። የሒማላያ የፊት ተራሮች ክብደት በከፊል የተያዘው ከሥራቸው በሚገባው የህንድ ሰሌዳ፣ ማለትም ህንድን በተሸከመው ግትር የዓለት ጠፍጣፋ፣ ጥንካሬ ነው። ሰሌዳው ጭነት እንደበዛበት ሳንቃ ጎብጧል፤ የጎበጠበት ጉድጓድ ደግሞ ከተራራው በወረደ ደለል ተሞልቶ ዛሬ የጋንጀስ ሜዳ ሆኗል።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ ይህ ነው፦ ያ ተጨማሪ 35 ኪሎ ሜትር ከየት መጣ?

ህንድ በአንድ ወቅት ከእስያ ርቃ፣ ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ ነበረች። በመካከላቸው ቴቲስ የሚባል ውቅያኖስ ነበር። የውቅያኖስ ወለል ቅርፊት ቀጭንና ከባድ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ክብደቱ ይጨምራል። ስለዚህ ከእስያ ሥር እየሰረገ ወደ ማንትል ገባ፤ ህንድንም ከኋላው ጎተታት። በዚያ ዘመን ህንድ በዓመት እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ትጓዝ ነበር፤ ለአህጉር ይህ ሩጫ ነው። ከ50 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ውቅያኖሱ አለቀና አህጉር ከአህጉር ጋር ተገናኘ። የአህጉር ቅርፊት ግን በእፍጋቱ ከማንትል ስለሚያንስ፣ በግንዱ እንዳየነው፣ አልሰምጥም ይላል። የህንድ ፍጥነት ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ወረደ፤ ዛሬ ከዚያም ጥቂት ያነሰ ነው። ፍጥነቱ ቀነሰ እንጂ ጉዞው አልቆመም። ወደ ታች መሄድ ያልቻለ፣ ከኋላውም የሚገፋ ነገር ያለበት ቅርፊት ያለው ምርጫ በራሱ ላይ መደራረብ ነው።

መንገድ ሲሠራ ዶዘር አፈር ሲገፋ አይታችሁ ከሆነ የሒማላያን አሠራር አይታችኋል። ከምላጩ ፊት አፈሩ ይቆለላል፤ ከምላጩ አጠገብ ከፍ ብሎ፣ ወደ ፊት እየሳሳ የሚሄድ ተዳፋት ይሠራል። በደንብ ካያችሁት አፈሩ የሚቆለለው ዝም ብሎ አይደለም። ቁልሉ ከልክ በላይ ቀጥ ሲል ከፊቱ ካለው መሬት አዲስ ቁራጭ ይሰነጠቅና ከነባሩ ሥር ይገባል። ከዚያ ከእሱ ፊት ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። በመጨረሻ ቁራጮቹ እንደ ጣሪያ ሸክላ አንዱ ባንዱ ላይ ተደግፈው ይተኛሉ።

በሒማላያ እያንዳንዱን ቁራጭ ከሌላው የሚለየው፣ ወደ ሰሜን በዝግታ የሚያዘቀዝቅ ስንጥቅ ነው። የላይኛው ዓለት በዚህ ስንጥቅ ላይ ተንሸራቶ በታችኛው ላይ ይወጣል፤ በሙያው ትረስት ይባላል። ከሰሜን ወደ ደቡብ ስንወርድ ዋና ዋናዎቹ ሦስት ናቸው። መካከለኛው ትረስት በዋናነት የሠራው ከ20 ሚሊዮን ዓመት በፊት አካባቢ ነው። ከእሱ በስተ ደቡብ ያለው የድንበር ትረስት ይባላል፣ በዕድሜ ከእሱ ያንሳል። የመጨረሻው የፊት ትረስት ተራራው ከሜዳው ጋር በሚገናኝበት ግርጌ ያለ ሲሆን ዛሬም እየሠራ ነው። ልክ እንደ ዶዘሩ፣ ሥራው ወደ ፊት እየተላለፈ መጥቷል። ሦስቱም ከታች አንድ ሰፊ፣ ጠፍጣፋ ሊባል የሚችል ስንጥቅ ላይ ይገናኛሉ፤ ህንድ ከሒማላያ ሥር የምትገባው በዚያ ነው።

ይህ የጥንት ወሬ እንዳይመስላችሁ። ህንድና እስያ ዛሬ በዓመት 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይቀራረባሉ፤ ግማሹን ያህል የሚቀበለው ሒማላያ ነው። ያ ሁለት ሴንቲ ሜትር ግን በየዓመቱ በሰላም አይንሸራተትም። ስንጥቁ ተቆልፎ ይቆያል፤ ከላዩ ያለው ዓለት እንደ ደጋን ይወጠራል። በመቶ ዓመት ሁለት ሜትር ይጠራቀማል። ሚያዝያ 17 ቀን 2007 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ አፕሪል 25 ቀን 2015) ከካትማንዱ በሰሜን ምዕራብ፣ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ቁልፉ ተከፈተ። መጠኑ 7.8 ነበር። ስንጥቁ ወደ ምሥራቅ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተቀደደ፣ ወደ ዘጠኝ ሺህ የሚጠጋ ሰው ሞተ። በሳተላይት ሲለካ የካትማንዱ አካባቢ አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ተገኘ። ከእሱ በስተ ሰሜን ያሉት ታላላቅ ተራሮች ግን ከፍ አላሉም፤ በመጠኑ ዝቅ አሉ። ይህ ብዙ ሰው ግራ ያጋባል። የደጋኑን ነገር አስቡ፦ ስንጥቁ ተቆልፎ በነበረበት ዘመን ከኋላ ያሉት ተራሮች ተጨምቀው እየተነሱ ነበር። ቁልፉ ሲከፈት የፊቱ ወደ ደቡብ ተፈናጠረና ተነሳ፤ የኋላው ደግሞ ከተወጠረበት ላላ። ተራራው የሚያድገው የእነዚህ ሁለት ነገሮች ድምር ከሚተወው ቀሪ ነው። መቀደዱ ደግሞ ወደ ደቡብ እስከ ፊተኛው ግርጌ አልደረሰም፤ በዚያ በኩል ያለው ስንጥቅ በዚያ ቀን አልተለቀቀም።

አንድ የጂኦሎጂ ባለሙያ መሬት ላይ ቆሞ «እዚህ አንዱ ዓለት በሌላው ላይ ተጭኗል» የሚለው በምን ያውቃል? ለዚህ ከሒማላያ ወጥቼ ወደ ስዊዘርላንድ ልውሰዳችሁ፤ ሰዎች የተሳሳቱትና የታረሙት እዚያ ነውና።

ግላሩስ በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ሽቫንደን ከምትባል መንደር አጠገብ፣ ሰው በቁመቱ የሚደርስበት አንድ የዓለት ገጽ አለ። ከላይ ከ250 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆነው አረንጓዴና ቀይ ጠጣር ዓለት አለ። ከሥሩ በስሱ የሚላጥ ጥቁር የጭቃ ድንጋይ አለ፤ ዕድሜው 50 ሚሊዮን ዓመት እንኳን አይሞላም። በሁለቱ መካከል ከክንድ ብዙም የማይበልጥ፣ እንደ ሊጥ የታሸ ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ አለ፤ በመሐሉም ቢላ የቆረጠው የሚመስል ቀጥ ያለ መስመር ያልፋል። አሮጌው በአዲሱ ላይ! ደለል የሚከማቸው ከታች ወደ ላይ ስለሆነ ይህ መሆን የለበትም ነበር።

በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. የስዊዘርላንዱ የጂኦሎጂ ሊቅ አርኖልድ ኤሸር ይህን አይቶ ግዙፍ ሸርተቴ ሊሆን እንደሚችል ጠርጥሮ ነበር። ነገር ግን አንድ ሙሉ ተራራ በአሥር ኪሎ ሜትሮች ተንሸራተተ ማለትን ደፍሮ አልጻፈውም። በምትኩ ከሰሜንና ከደቡብ ተነስተው ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት እጥፋቶች ናቸው አለ። ተማሪው አልበርት ሃይምም ይህንኑ ለዓመታት በብርቱ ተሟገተለት። በ1884 ማርሴል ቤርትራን የሚባል ፈረንሳዊ፣ ግላሩስን በእግሩ ሳይረግጥ፣ የሃይምን የራሱን ሥዕሎች ዘርግቶ አንድ ነገር አየ። ሁለት እጥፋት አያስፈልግም፤ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ የሄደ አንድ ትረስት ነው። ሃይም ሥዕሎቹን በታላቅ ጥንቃቄ ስለሣላቸው ሌላው ሰው እውነቱን ከእነሱ ሊያነብ ቻለ። ሃይም ራሱም በ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ መሳሳቱን አምኖ ተቀበለ። ለእኔ ይህ ከግኝቱ አያንስም። ዛሬ የዚያ ዓለት ጉዞ ቢያንስ 35 ኪሎ ሜትር እንደሆነ ይታመናል።

የኤሸር ስሕተት ግን የሰነፍ ስሕተት አልነበረም። እጥፋትም አሮጌውን በአዲሱ ላይ ሊያስተኛ ይችላል። ነጠላችሁን አጥፉና እጥፋቱን በጎኑ አስተኙት፤ የታችኛው ክንፍ ተገልብጧል። እንግዲህ መለያው ይህ ነው፦ የላይኛው ዓለት ራሱ ቆሟል ወይስ ተገልብጧል? ንጣፉ መልሱን ይዞታል። በወንዝ የተጫነ አሸዋ ሲረጋ ጥሬው ከታች፣ ደቃቁ ከላይ ይሆናል። የደረቀ ጭቃ ሲሰነጠቅ ስንጥቁ ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ ነው። ጥሬው አሸዋ ወደ ላይ ዞሮ ካገኛችሁት ንጣፉ ተገልብጧል፤ እጥፋትን ጠርጥሩ። ሁሉም በአግባቡ ቆሞ ሳለ አሮጌው ከላይ ከሆነ ግን መንሸራተት ነው። መስክ ላይ አንድ ተማሪ ይህን ሳያጣራ ትረስት ብሎ መስመር ሲያሰምር ሳይ ዛሬም እቆጣለሁ፤ ካርታው ሁሉ የሚበላሸው ከዚያች አንዲት መስመር ነውና።

እጥፋትና ትረስት ደግሞ ባላንጣዎች አይደሉም። ጥልቀቱ ጥቂት ሲሆን ዓለት ቀዝቃዛና ግትር ስለሆነ ይሰበራል። ወደ ታች ሲወርድ ይሞቃል፣ ይለሰልሳል፣ ይታጠፋል። ብዙ ጊዜ ትረስቱ ከታች ይሄዳል፣ በላዩ የተጫነው ንጣፍ ደግሞ ስንጥቁ በታጠፈበት ሁሉ ይታጠፋል። ኤቨረስት ጫፍ ላይ ያለው የኖራ ድንጋይ ከ450 ሚሊዮን ዓመት በፊት አካባቢ ባሕር ውስጥ የረጋ ነው፤ በውስጡም የባሕር እንስሳት ስብርባሪ አለ። ከእሱ ወረድ ሲል ግን ያው ዓይነት ድንጋይ በሙቀትና በጫና ወደ እብነ በረድነት ተለውጧል። ከዚያም በታች ጋርኔት የሚባሉ ቀይ ክሪስታሎች የበቀሉበት ዓለት ይመጣል። ጋርኔት የት ጥልቀት እንደበቀለ በኬሚካል ይዘቱ ይነበባል፤ ስለዚህ ዓለቱ ስንት ኪሎ ሜትር ወርዶ እንደወጣ እናውቃለን።

መደራረቡ እስከ መቼ ይቀጥላል? ወሰን አለው። ቅርፊቱ 70 ኪሎ ሜትር ሲወፍር ከመካከል በታች ያለው ክፍል ስለሚሞቅ ክብደቱን መሸከም ያቅተዋል። ቲቤት ዛሬ ከሰሜንና ከደቡብ እየተጨመቀ ሳለ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ይለጠጣል። በመሐሉ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጉ የተሰነጠቁ ሸለቆዎች አሉ፤ ጎኑ እንደተጫነ ሊጥ በሌላው ጎኑ ይወጣል።

ይህን ንግግር በምሰጥበት ቦታ ሁሉ የሚነሳ ጥያቄ አለ፤ ዛሬም ተነስቷል፦ «ራስ ዳሸንስ?» ራስ ዳሸን የግጭት ልጅ አይደለም። የሰሜን ተራሮች ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ከምድር ውስጥ ፈስሶ ንብርብር በንብርብር የረጋ የእሳተ ገሞራ ዓለት ናቸው፤ በኋላ ወንዞች ቆረጧቸው። ንጣፎቹ ዛሬም አግድም ተኝተዋል፣ አልታጠፉም። ገደሉን ቆማችሁ ብታዩ ደረጃ ደረጃ የሆነው ለዚህ ነው።

ግጭት ግን በአገራችን አልፏል። እሱን ለማየት ቀና ማለት ሳይሆን ዝቅ ማለት ያስፈልጋል። ከ650 እስከ 600 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባለው ዘመን አካባቢ የዛሬዋ ምሥራቅ አፍሪካ የሁለት ግዙፍ የአህጉር ክፍሎች መገናኛ ነበረች። በመካከላቸው የነበረው ውቅያኖስ ተዘጋ፣ ከአረቢያ እስከ ሞዛምቢክ የሚዘልቅ የተራራ ሰንሰለት ተነሳ።

ዛሬ ያ ሰንሰለት የት ነው? እዚህ ላይ ያ ሒሳባችን ይመለሳል። ዝናብና ወንዝ ከተራራ ላይ አንድ ኪሎ ሜትር ዓለት ቢልጡ ተራራው አንድ ኪሎ ሜትር አያጥርም። ሸክሙ ስለቀለለ ሥሩ ይነሳና 850 ሜትሩን ይመልሳል፤ የሚያጥረው 150 ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ አምስት ኪሎ ሜትር ከፍታ ለማጥፋት 33 ኪሎ ሜትር ገደማ ዓለት መላጥ አለበት። ተራራ ሲሞት ሆዱን አውጥቶ ነው የሚሞተው። በወለጋና በአዶላ በእግራችን የምንረግጠው ባለ ጥቁርና ነጭ መስመር ግናይስ በአንድ ወቅት ተራራ ተጭኖት፣ በጥልቀት የታሸ ዓለት ነው።

ትግራይ ውስጥ ነጋሽ አካባቢ ደግሞ ያን ያህል ያልወረደው ክፍል ይታያል። ስሌት የሚባለው በስሱ የሚላጠው ዓለትና የኖራ ድንጋዩ በአንድነት ወደ ታች፣ እንደ ታንኳ ሆድ ታጥፈዋል። ንጣፎቹ በአንዳንድ ቦታ ቀጥ ብለው ቆመዋል። እጃችሁን በስሌቱ ላይ ብታስኬዱ የሚላጥበት አቅጣጫና ደለሉ የረጋበት አቅጣጫ አንድ እንዳልሆኑ ትረዳላችሁ፤ የመጀመሪያውን የሠራው የግጭቱ ጫና ነው። በዚያው በሰሜኑ ምድር፣ በእነዚህ በታጠፉት አሮጌ ዓለቶች ላይ፣ የእንጢጮ የአሸዋ ድንጋይ እንደ ጠረጴዛ ተዘርግቶ ተኝቷል። እሱ የረጋው ከ440 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ነው። ከሥሩ ቀጥ ያለው ንጣፍ ይመጣና በአንድ መስመር ይቆረጣል፤ ከመስመሩ በላይ ሁሉም አግድም ነው። በዚያች መስመር ውስጥ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ አለ፤ ተራራዎቹ ተልጠው አልቀው፣ አሸዋ በላያቸው እስኪረጋ ድረስ የወሰደው ጊዜ ነው።